ፌቨን እንጂ «ፊቨር» አይደለችም

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ ዱባይ ለምትሠራው ታላቅ እህቴ ሁለት ቃል ጻፍኩላት። ልጇ ፌቨን የምታድገው እኛ ዘንድ ነው። እህቴ ከሥራ ስትወጣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ልጅቷ በልታ መተኛቷ ስለሆነ፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ቶሎ ብዬ «ፌቨን ተኛች» እላታለሁ። የዚያን ዕለትም እንደ ወትሮዬ በእንግሊዝኛ ፊደል Feven tegnach ብዬ ላክሁና ስልኩን አስቀመጥኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተደወለ። እህቴ እያለቀሰች ነበር።

«የት ሆስፒታል ነው ያስተኛችኋት? ትኩሳቱ ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን ትደብቁኛላችሁ?»

«ኧረ እትዬ፣ ምንም አልሆነችም! አልጋዋ ላይ ተኝታለች» እያልኩ ስልኬን ከጆሮዬ አንስቼ መልእክቱን አየሁት። Fever tegnach ይላል። የልጅቷ ስም ትኩሳት ሆኗል። «ተኛች» ደግሞ በአማርኛ ለእንቅልፍም ሆስፒታል ለገባ ሰውም የምንለው ቃል ነው። ባህር ማዶ ሆና ስለ ልጇ ሌት ተቀን ለምታስብ እናት፣ እነዚህ ሁለት ቃላት አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ትርጉም የላቸውም። ፌቨንን ቀስቅሼ በቪዲዮ ካላሳየኋት በቀር አላመነችኝም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው ይህን አውቶኮሬክት የሚባል ነገር ቁጭ ብዬ ያጠናሁት። እኔ የጻፍኩትን ስም ሳልጠየቅ የለወጠው እንዴት አድርጎ ነው? ዳግመኛ እንዳይለውጠውስ ምን ማድረግ ይቻላል?

በስልኩ ዓይን ነገሩን እንየው። ኪቦርዴ ላይ የተመረጠው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ስልኩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ብቻ ነው። Feven ብዬ ስፔስ ስነካ ዝርዝሩን ያያል፤ የለም። ስልኩ ዝርዝሩ ውስጥ ያጣው ቃል የሰው ስም ሊሆን እንደሚችል አስቦ አይተወውም፤ ጣቴ እንደሳተ ነው የሚገምተው። ይህ ግምት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፍሬድ ዳሜራው የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከፊደል ስህተቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድ ብቻ ስህተት ያለባቸው እንደሆኑ አሳይቷል። አንድ ፊደል ተጨምሮ፣ ተዘልሎ፣ በሌላ ተተክቶ ወይም ሁለት ጎረቤት ፊደሎች ቦታ ተለዋውጠው የሚገኙ ማለት ነው። የዛሬው የእርማት ፕሮግራምም በአብዛኛው ከዚህ ይነሳል፤ ከጻፍነው በአንድ እርምጃ የሚርቁ ቃላትን ይሰበስባል።

ለ Feven ሲሰበስብ የሚያገኘው ሦስት የታወቁ የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። የመጀመሪያው ፊደል ሲቀየር Seven ይሆናል፣ ሰባት ማለት ነው። የመጀመሪያው ፊደል ሲጣል Even ይቀራል። የመጨረሻው ሲቀየር ደግሞ Fever ይመጣል። ከዚያ ሚዛን ላይ ያስቀምጣቸዋል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ምን ያህል ይዘወተራል? የተቀየረው ፊደል ኪቦርዱ ላይ ከተነካው ፊደል ጎን ነው ወይ? ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቃላት ጋርስ ይሄዳል? የቃል መነሻ ፊደል ላይ ሰው እምብዛም ስለማይሳሳት፣ በ F የሚጀምረው ቃል ብልጫ ያገኛል። በዚያ ላይ ከኋላ ያለው tegnach ለእንግሊዝኛ መዝገብ ባዶ ድምፅ ስለሆነ ምንም አልረዳውም። እኛ ቤት «ተኛች» የሚለው ቃል የአንዲት ልጅ ስም መቅደሙን ይነግረናል፤ ለስልኩ ግን የሚነግረው ነገር የለም።

አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ ችግሩን የሚያከብድ ሌላ ነገር አለ። ከቃሎቻችን ብዙዎቹ በአጋጣሚ ትክክለኛ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ነው new ይሆናል፤ ሰው sew፣ ላይ lay፣ ግን gin፣ ቤት bet፣ ሴት set ይሆናሉ። እነዚህ ሳይነኩ ያልፋሉ። ስለዚህ ስልኩ የያዘው ጽሑፍ እንግሊዝኛ አለመሆኑን የሚጠረጥርበት ምክንያት ያንሰዋል። በእነሱ መካከል የገቡት የቀሩት ቃላት ግን በእንግሊዝኛ ዓይን ስህተት ናቸው። Selam አንድ ፊደል ሲጣልበት Slam ነው፤ በር በኃይል መዝጋት። ሐና ብለን Hana ስንጽፍ፣ የመጨረሻው a ከ s ጎን ስለሆነች Hans የሚል የጀርመን ወንድ ስም ይደቀናል። ዓለም Alem ሲሆን Alex ለመሆን የቀረው አንድ ፊደል ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ «እኔ የፊደል ስህተት አይደለሁም» የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ ይዞ የተነሳ ዘመቻ ነበር፤ ስማቸው በየጊዜው የሚቀየርባቸው ወይም በቀይ የሚሰመርባቸው ሰዎች የስልክና የኮምፒውተር ኩባንያዎች የስም መዝገባቸውን እንዲያሰፉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው በስሙ ነው የሚጠራው፤ ስሙን ማንም እንዲያርምለት አልጠየቀም። እስከዚያው ግን መዝገቡን እኛው ማስፋት እንችላለን። ስልኩ እንዲማር ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ማስተማሪያው ቦታ ግን ከዓይን ትንሽ ራቅ ያለ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት የሚሰጠው ቃሉ በተቀየረባት ቅጽበት ነው። የእኔ ስልክ አንድሮይድ ነው፤ የምጠቀመውም ጂቦርድ የተባለውን የጉግል ኪቦርድ ነው። ስፔስ ነክቼ Feven ወደ Fever ሲቀየር፣ ሌላ ፊደል ሳልነካ ማጥፊያውን አንዴ ብቻ ብጫን መጀመሪያ የጻፍኩት ተመልሶ ይመጣል። እኛ የለመድነው ግን ቃሉን በሙሉ አጥፍተን እንደገና መጻፍ ነው። እንደዚያ ስናደርግ ስልኩ ያንኑ ስህተት በድጋሚ እንደሠራን ቆጥሮ በድጋሚ ያርመናል፤ በዚህ መሀል ነው ሰው ተማርሮ ስልኩን የሚወረውረው። አንዴ ማጥፊያውን ነክቶ የራስን ቃል ማስመለስ ግን «እርማትህን አልቀበልም» ማለት ነው፤ ስልኩም ይህን ይመዘግባል። ማጥፊያው ቃሉን ካልመለሰ፣ ኪቦርዱ ላይ የጥርስ ጎማ የምትመስለውን ምልክት ነክቶ Text correction ውስጥ በመግባት Undo auto-correct on backspace የሚለውን ማብራት ነው። የምናሌው ስም ከእትም እትም ትንሽ ሊለያይ ይችላል።

የእህቴ ስልክ አይፎን ነው። እዚያ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው አይኦኤስ 17 ጀምሮ፣ ስልኩ የቀየረው ቃል ሥር ለጥቂት ጊዜ ቀጭን መስመር ይታያል። ያንን ቃል ሲነኩት መጀመሪያ የተጻፈው ይወጣል፤ እሱን መምረጥ ነው። ገና እየጻፉ ሳለ ደግሞ ከፊደሎቹ በላይ ባለው የጥቆማ መስመር ላይ፣ በግራ በኩል፣ የጻፉት ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይቀመጣል። እሱን ከነኩት ስልኩ እንደጻፉት ይተወዋል። ስሙን ጥቂት ጊዜ እንዲህ ካስከበሩት፣ ስልኩ የራሱ ቃል አድርጎ ይይዘዋል።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ የስልክ ቁጥር መዝገባችን። አይፎንም ጂቦርድም ኮንታክት ውስጥ ያሉ ስሞችን አይተው እንደ ታወቀ ቃል ይቀበላሉ። በጂቦርድ Suggest contact names የሚለው መብራት አለበት። ታዲያ ለምን የፌቨን ስም አላዳነኝም? የአምስት ዓመት ልጅ ስልክ ስለሌላት ኮንታክት ውስጥ የለችም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኮንታክት ያለ ቁጥርም ይቀመጣል። አዲስ ስም ከፍቼ Feven ብዬ ብቻ አስቀመጥኩ። አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ኮንታክት ውስጥ በግዕዝ ፊደል ፌቨን ተብሎ የተቀመጠ ስም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ አይጠቅምም። ለስልኩ ፌቨንና Feven ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቃላት ናቸው። የእናቴን ስም በግዕዝ አስቀምጬ በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ለዓመታት ስታረም የኖርኩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው የግል መዝገበ ቃላቱ ነው። በጂቦርድ ከዚያው የጥርስ ጎማ ምልክት ተነስቶ Dictionary ከዚያም Personal dictionary ውስጥ ይገባል። እዚያ የቋንቋ ዝርዝር ይመጣል። የምንጽፈው በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ከሆነ እንግሊዝኛውን መርጠን፣ የመደመር ምልክቷን ነክተን ስሙን እንጽፋለን። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ቃሉ አማርኛ ስለሆነ አማርኛ የሚለው ሥር ያስገባዋል፤ የሚያርመው ግን የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ስለሆነ ለውጥ አያይም። መዝገቡ የሚመረጠው ቃሉ በመጣበት ቋንቋ ሳይሆን በምንጽፍበት ኪቦርድ ነው። ስሙን ስናስገባ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ እናድርገው፤ በትንሽ ፊደል ብንጽፈውም እንኳ ስልኩ በትልቁ ሊያቀርብልን ይችላል።

በአይፎን እንዲህ ተብሎ የተሰየመ መዝገብ የለም፤ ሥራውን የሚሠራው Text Replacement ነው። Settings ተከፍቶ General ከዚያ Keyboard ውስጥ ይገኛል። Phrase የሚለው ሳጥን ውስጥ Feven ይጻፋል፤ Shortcut የሚለው ባዶ ቢቀር ስልኩ ቃሉን እንዳይነካው ይይዘዋል። Shortcut ላይ በትንሽ ፊደል feven ብንጽፍበት ደግሞ ቸኩለን የጻፍነውን ወደ ትልቅ ፊደል ያነሳልናል። እዚያው ሳጥን ውስጥ የግዕዝ ፊደልም መጻፍ ይቻላል። እህቴ fvv ስትል ፌቨን የሚል ቃል እንዲወጣላት አድርጋለች። አቋራጩ ግን እውነተኛ ቃል መሆን የለበትም። be ወይም ene ብንል ሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳንፈልገው ዘሎ ይገባል።

እስከዚህ የደረሰ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ለአያቷ «ለፌቨን ጫማ ገዛሁ» ብዬ leFeven ስጽፍ ስልኩ እንደገና ሌላ ቃል አደረገው። ይህ ከሁሉ በላይ ያስገረመኝና አማርኛችንን የሚመለከት ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ስም ብቻውን ይቆማል፤ «ለ»፣ «ከ»፣ «የ» የሚሉት ራሳቸውን የቻሉ ቃላት ናቸው። በእኛ ግን ከስሙ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከኋላም «ን» እና «ም» ይከተላሉ። ፌቨን፣ የፌቨን፣ ለፌቨን፣ ከፌቨን፣ ፌቨንን፣ ፌቨንም። ለእኛ አንዲት ልጅ ናት፤ ለስልኩ ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን አስተምረን አምስቱን ካላስተማርነው፣ አምስቱን ማረሙን ይቀጥላል።

ስለዚህ በየቀኑ ለምጽፋቸው ስሞች እነዚህን ቅርጾች በሙሉ አስገባሁ። ለእህቴ ልጅ፣ ለእናቴና ለሁለት ወንድሞቼ ብቻ ነው፤ ሃያ አራት ቃል ሆነ፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ለሌላው ሰው ሁሉ ግን እንዲህ መድከም አያስፈልግም። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ le Feven እያሉ በስፔስ መለየት ይበቃል። አጻጻፉ ዓይን ላይ ትንሽ ቢከብድም ስሙ ብቻውን ስለሚቆም መዝገቡ ያውቀዋል። ከዚህ ጋር አንድ ስምን በአንድ ዓይነት ፊደል የመጻፍ ልማድ ይረዳል። ፀሐይን ዛሬ Tsehay ነገ Tsehai ካልናት ለስልኩ ሁለት ሴቶች ናቸው። እኔ የምመክረው ባለቤቷ በመታወቂያዋ ወይም በፓስፖርቷ ላይ የምትጽፈውን መያዝ ነው።

«ታዲያ በራሳችን ፊደል ብንጽፍስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የእንግሊዝኛው መዝገብ ከሥራ የሚወጣው በዚህ ነው። ጂቦርድ ላይ አማርኛን Languages በሚለው ውስጥ ጨምሮ፣ ኪቦርዱ ላይ ያለችውን የሉል ምልክት እየነኩ መለዋወጥ ይቻላል። በግዕዝ ፊደል ፌቨንን ትኩሳት የሚያደርጋት የለም። ግን እዚህም የራሱ ጣጣ አለ። በንግግር አንድ የሆኑ ፊደሎቻችን ለስልክ አንድ አይደሉም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱን መለያ አገኘ። ንጉሡ ሠ መለያው U+1220 ሲሆን እሳቱ ሰ ደግሞ U+1230 ነው። ስለዚህ ሰላምና ሠላም ለስልኩ ሁለት ቃላት ናቸው።

ፀሐይን እንውሰድ። ሰዎች ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፣ ጸሃይ እያሉ ይጽፏታል። የኪቦርዱ መዝገብ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ ከሆነ ሌሎቹን የሚያያቸው እንደ ባዕድ ነው፤ እሱ የሚያውቀውን ጥቆማ ላይ ያስቀድማል። ባለ ስሟ ጸሐይ ብላ የምትጽፍ ከሆነ፣ ስሟን በእሷ አጻጻፍ የግል መዝገቡ ውስጥ ማስገባት ነው፤ በዚህ ጊዜ ቋንቋው አማርኛ የሚለው ሥር። የፊደል አጠቃቀም ክርክሩን ለሊቃውንቱ እንተወው፤ የሰው ስም ግን ሰውየው እንደሚጽፈው ነው መጻፍ ያለበት።

የማስተማሩ ነገር ተገላቢጦሽም አለው። ስልኩ ጥሩውን ብቻ አይማርም። ቸኩለን ደጋግመን Fevn ብለን ከላክን እሱንም ቃል ብሎ ይይዛል፤ ከዚያ ትክክለኛውን ስንጽፍ ስህተቱን ያቀብለናል። በጂቦርድ ያ የተበላሸ ቃል ጥቆማው ላይ ብቅ ሲል ጣትን ሳያነሱ ተጭኖ፣ የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ስትመጣ ወደዚያ መጎተት ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ይጠፋል። በአይፎን የተማረውን ቃል እንዲህ በነጠላ መሰረዝ ስለማይቻል መድኃኒቱ ከበድ ይላል። Settings ውስጥ General፣ ቀጥሎ Transfer or Reset iPhone፣ ቀጥሎ Reset ተብሎ Reset Keyboard Dictionary ሲመረጥ፣ ስልኩ እየታረመ የተማረው ቃል በሙሉ ይደመሰሳል። ጥሩውም አብሮ ይሄዳልና አንድ ቃል ስላናደደን ብቻ አናድርገው። ሌላም አደራ አለ፤ የይለፍ ቃልና የባንክ ቁጥርን እንደ አቋራጭ አናስገባ። ስልካችንን ከፍቶ የያዘ ሰው ሁሉ መዝገቡን ማንበብ ይችላል።

ማስተማራችን መያዙን የምናውቀው በመሞከር ነው። ለማንም የማይላክ ማስታወሻ ከፍተን ስሙን መሐል ላይ ያደረገ ዓረፍተ ነገር እንጻፍና ከስሙ ቀጥሎ ስፔስ እንንካ። የሚቀየረው ያኔ ነውና። ስሙ ሳይለወጥ ከሥሩ ቀይ መስመር ብቻ ከመጣ ይህ ሌላ ነገር ነው። አውቶኮሬክት ሳይሆን ፊደል መርማሪው ነው፤ በአንድሮይድ ቃሉን ነክቶ Add to dictionary ማለት ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ጣጣ የማይሆንለት፣ ለምሳሌ ቀኑን ሙሉ አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሰው፣ Auto-correction የሚለውን አጥፍቶ የጥቆማ መስመሩን ሊያስቀር ይችላል። ስልኩ ይጠቁማል እንጂ በራሱ አይለውጥም። ለእናቴ ያደረግኩላት ይህንን ነው። እሷ እንግሊዝኛ አትጽፍም፤ የእንግሊዝኛ እርማት ለእሷ ጥቅም የለውም።

የመጨረሻው የቀረኝ የእህቴ ስልክ ነበር። እኔ የእኔን ስልክ ማስተማሬ ለእሷ ምንም አይጠቅማትም፤ እያንዳንዱ ስልክ የራሱን መዝገብ ነው የሚይዘው። በአንድ የዕረፍት ቀኗ በቪዲዮ ተደዋውለን፣ የጎረቤቷን ስልክ ለመደወያ ተውሳ በራሷ አይፎን ላይ ደረጃ በደረጃ ሄድን። መጀመሪያ Phrase ላይ የልጇን ስም ስትጽፍ እጇ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ፤ ሁለቴ አጥፍታ ጻፈችው። ከዚያ yeFeven፣ leFeven፣ Fevenin እያለች ሁሉንም ጨመረች። ስንጨርስ ለመሞከር አንድ መልእክት ላከችልኝ፤ Feven beltalech ይላል፣ ከኋላው የጥያቄ ምልክት አለው። ስሙ እንደጻፈችው ነበር።

«በልታለች እትዬ» አልኳት፤ ከዚያ ፌቨንን ጠርቼ ስልኩን ሰጠኋት።